በ35 ዓመት ከመምህርነት ወደ ሶፍትዌር፦ ጉድለቱ በእርግጥ 5,000 ብር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 35 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት 11 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ደመወዜ 17,000 ብር ነው፤ ከቱቶሪያል ደግሞ በወር ወደ 5,000 አገኛለሁ። ሁለት ልጆቼ እዚያው በግማሽ ክፍያ ይማራሉ። ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ ስማር ቆይቼ ቦሌ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ፈትኖኝ በ12,000 ብር ጀማሪ ሆነህ ከሚያዝያ ጀምሮ ግባ ብሎኛል። በአምስት ዓመት 40,000 ትደርሳለህ ይሉኛል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ምክትል ርዕሰ መምህር ሊያደርገኝ ያስባል። ባለቤቴም ትሠራለች፤ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ግን አለብን። 11 ዓመቴን ጥዬ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ምላሽ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ወደ እጅ ገቢ እንቀይራቸው። ሰው ሥራ ሲቀይር የሚያወዳድረው ደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ጥቅል ደመወዝ ነው። ቤት የሚገባው ግን የተጣራው ነው።

በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ17,000 ብር ላይ 3,900 ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ ሲጨመር ሌላ 1,190 ይሄዳል። እጅዎ የሚገባው 11,910 ነው። ከ12,000 ላይ ደግሞ 2,250 ግብርና 840 ጡረታ ተቆርጦ 8,910 ይቀራል። ስለዚህ በወር የሚጎድልብዎ 5,000 ሳይሆን 3,000 ብር ነው። ግብሩ ከጉድለቱ የራሱን ድርሻ ወሰደልዎ ማለት ነው።

ደስ አይበልዎ ግን። ያው ግብር ወደ ላይ ሲወጡም ይጠብቅዎታል። ከ14,000 በላይ ከሚጨመርልዎ እያንዳንዱ 100 ብር ላይ 35 ብር ግብር፣ 7 ብር ጡረታ ይነሳል፤ 58 ብር ይደርስዎታል። አምስት ዓመት የሚጠብቁት 40,000 ብር ሲጣራ 25,250 ነው። ባለቤትዎ ጋር ስትመካከሩ ይህን ቁጥር ይዘው ይቀመጡ። ብዙ ቤት ውስጥ ጠብ የሚነሳው አንዱ በጥቅል፣ ሌላው በተጣራ ስለሚያስብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከትምህርት ቤቱ የሚያገኙት ደመወዝ ብቻ አይደለም። የልጆቹ ሙሉ ክፍያ ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም። በልጅ በወር 2,500 ነው ብዬ ልያዝና፣ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። ግማሹ ሲነሳ ለሁለት ልጆች በወር 2,500 ብር ይተርፍልዎታል። ክፍያው በዓመት አሥር ወር ስለሆነ፣ በ12 ወር ሲካፈል 2,080 አካባቢ ይመጣል። ከትምህርት ቤቱ በለቀቁ ቀን ይህ ይቆማል።

ትራንስፖርትም አለ። አሁን ሥራዎ ሰፈርዎ አጠገብ ነው። ከኮዬ ፈጬ ቦሌ ለመድረስ ግን ቢያንስ ሁለት ታክሲ ያስፈልግዎታል። ደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ብንይዝ፣ በ22 የሥራ ቀን 2,200 ብር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜው ይከብዳል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሰልፍና መንገድ ላይ ቆይቶ የሚገባ ሰው በሥራ ቀን ቱቶሪያል ሊሰጥ አይችልም። የቅዳሜና የእሑድ ተማሪዎችዎን ይዘው ይቀጥላሉ ብንል እንኳ ከ5,000ው 3,000 ብሩን ያጣሉ ብዬ አስባለሁ።

እንደምረው። ከደመወዝ 3,000፣ ከልጆቹ ክፍያ 2,080፣ ከትራንስፖርት 2,200፣ ከቱቶሪያል 3,000። በድምሩ በወር 10,300 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እውነተኛ ጉድለት ይህ ነው። ደብዳቤው ላይ ከሚታየው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው። ሥራ ቀይረው በስድስተኛው ወር ዕቁብ መጣል ያቃታቸውን ሰዎች ሳነጋግር፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳቱት ደመወዙ ላይ አይደለም። እንደነዚህ ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ሳይደምሩ ቀርተው ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ በሁለቱም በኩል ያው ስለሆነ ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁትም። ግን ይህን 10,300 ብር ከባለቤትዎ ደመወዝ ላይ ሲቀንሱ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ መተረፉን አስቀድመው ይዩ። ካልተረፈ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ትርጉም የለውም።

አሁን ዓመት በዓመት እንየው። የዋጋ ንረትን ለጊዜው እንተወውና ሁሉንም በዛሬ ብር እናስብ። የነገሩዎትን 40,000 እቀበላለሁ። መንገዱ 12,000፣ 18,000፣ 25,000፣ 32,000፣ ከዚያ 40,000 ነው ልበል። ትምህርት ቤት ቢቀሩ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው 20,000 ይደርሳሉ ልበል። ጥቅማ ጥቅሙና የተቀረው እንዳለ ይቀጥላል።

በሁለተኛው ዓመት ጉድለቱ በወር ወደ 6,700 ይወርዳል። በሦስተኛው 4,400 ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ በዚያን ጊዜ ደመወዝዎ 25,000 ነው፤ ሰው ሁሉ "ተሳካለት" ይላል። እርስዎ ግን ትምህርት ቤት ቢቀሩ ከሚኖርዎት አሁንም በታች ነዎት። በአራተኛው ዓመት ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሆናሉ። እስከዚያ ድረስ ያጡት ገንዘብ ሲደመር ወደ 260,000 ብር ይጠጋል።

ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ በወር 4,300 ያህል ትርፍ ይጀምራል፤ በዓመት 52,000 ገደማ ማለት ነው። እዚያው 40,000 ላይ ቢቆሙ ያጡትን ለመመለስ ሌላ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከ40,000 አልፈው በስድስተኛው ዓመት 60,000 ቢደርሱ ግን ትርፉ በወር ወደ 16,000 ይዘላል፤ ቀሪው ኪሳራ በአንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ይጠፋል። 25,000 ላይ ተጣብቀው ቢቀሩ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ ድረስ በየወሩ እየከሰሩ ይኖራሉ።

ስለዚህ 12,000 ወይስ 13,000 ብለው መከራከሩ ብዙ አይለውጥም። ጉዳዩ ያለው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ደመወዙ መውጣቱን ይቀጥላል ወይ የሚለው ላይ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት "11 ዓመቴን ጥዬ" ስላሉት ላንሳ፤ ምክንያቱም ሁሉም አይጣልም።

አንደኛ፣ የስንብት ክፍያ አለ። በግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆኑ የሚመለከትዎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ለ11 ዓመት አራት ወር ከሲሶ ይመጣል፤ በ17,000 ሲባዛ ወደ 73,700 ብር ነው። ግብር ይቆረጥበታል፤ ለጥንቃቄ 50,000 በእጄ ይገባል ብለው ይያዙ። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ይከፈላል። "በገዛ ፈቃድህ ስለለቀቅህ ምንም የለህም" ቢሉዎት ተቀብለው አይውጡ።

አንድ የሚያጋጥም ነገር አለ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች መምህሩን በየዓመቱ አዲስ ውል ያስፈርሙና፣ ሲለቅ አገልግሎትህ የአንድ ዓመት ብቻ ነው ይላሉ። እርስዎም በየመስከረሙ ሲፈርሙ ከኖሩ፣ የቆዩ ውሎችን፣ የደመወዝ ወረቀቶችንና የጡረታ መዋጮ ማስረጃዎን አሁኑኑ ይሰብስቡ። 11 ዓመት ሳይቋረጥ እንደተቆረጠብዎ የሚያሳይ ወረቀት ትልቅ ማስረጃ ነው። ሰነዱን ከለቀቁ በኋላ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ 50,000 ብር ለማንም ብድር፣ ለፍሪጅም ሆነ ለቴሌቪዥን አይሆንም። የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት አምስት ወር የሚሸፈነው በእሱ ነው። ገብቶ ከተቀመጠ የኪሳራው ድምር ወደ 210,000 ይወርዳል፤ ኪሳራው የሚመለስበትም ጊዜ በአንድ ዓመት ገደማ ወደ እርስዎ ይቀርባል። 40,000 ላይ እንኳ ቢቆሙ ወደ 43 እና 44 ዓመትዎ አካባቢ ሒሳቡ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስከ 60 ያለው ጊዜ የራስዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ጡረታዎ አይጠፋም። አዲሱ ድርጅት ሕጋዊ ከሆነ መዋጮው በዚያው መለያ ቁጥር ይቀጥላል፤ 11 ዓመቱም ይደመራል። እንዲያውም የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። በ57 ዓመትዎ ደመወዝዎ ከፍ ካለ፣ በ17,000 ያስተማሩባቸው ዓመታት ጭምር በከፍተኛው ደመወዝ ይታሰባሉ። ይህን ጥቅም የሚያጡት ያለ ጡረታ በ"ኮንሰልታንት" ውል ከተቀጠሩ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ድርጅቶች "እጅህ የሚገባው ይበልጣል" ብለው እንዲህ ያስፈርማሉ። ለ23 ዓመት ልጅ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም።

በእርግጥ የሚጠፋው የዓመት ፈቃዱና ማዕረጉ ነው። ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የእርስዎ 21 ሆኗል፤ አዲስ ቤት ሲገቡ ከ16 ይጀምራሉ። ክረምቱም ይቀራል፤ መምህር የነበረ ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው ሐምሌ ሲመጣ ነው። ማዕረጉን በተመለከተ ከእርስዎ በአሥር ዓመት የሚያንስ ልጅ ሥራዎን እያረመ ይመልስልዎታል። ይህን መቻልዎን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ በቁጥር ልገልጸው አልችልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓመት ልመለስ። ጀማሪ ፕሮግራመር ወደ 25,000 እና 32,000 የሚወጣው ዓመት ስለቆጠረ አይደለም። የጻፈውን ኮድ ልምድ ያለው ሰው እያየ ስላረመው፣ እውነተኛ ደንበኛ የሚጠቀምበት ነገር ላይ ስለሠራ ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የምጽፈውን ኮድ ማን ነው የሚያየው? ከሁለት ዓመት በፊት የቀጠራችኋቸው ጀማሪዎች ዛሬ የት ናቸው? ከሙከራ ጊዜ በኋላ ደመወዜ ስንት ይሆናል፣ በጽሑፍስ ይሰጠኛል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ "ሁላችንም እንተጋገዛለን" ብለው ከመለሱ፣ እዚያ የሚያርም ሰው የለም ማለት ነው። "ሲኒየር" የሚል ካርድ የያዘ ሁሉ ሲኒየር አይደለም፤ ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ ሲኒየር ተብሎ አይቻለሁ።

ለመምህር የተለየ ወጥመድም አለ። ድርጅቱ መናገርና ማስረዳት እንደሚችሉ ሲያይ ደንበኛ ወደ ማሠልጠን ይወስድዎታል። መጀመሪያ በወር አንድ ቀን ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ሙሉ ሳምንት ይሆናል። ሥራው ደስ ይላል፣ ይመሰገኑበታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሥራዎ አሠልጣኝ ሆኖ ይገኛል፤ ደመወዙም የአሠልጣኝ ይሆናል። እንዴት ያውቃሉ? በስድስተኛው ወር ላይ ካለፉት አራት ሳምንታት ስንቱን ቀን ኮድ ሲጽፉ እንደዋሉ ይቁጠሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያኔውኑ ይናገሩ።

ሦስተኛው የሚያስጨንቀኝ የሥልጠና ግዴታ ነው። "እናሠለጥንሃለን፤ በምትኩ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ታገለግላለህ" የሚል አንቀጽ ካለ በጥንቃቄ ያንብቡ። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ትልቅ ጭማሪ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛ ድርጅት ሲገቡ ነው። ሦስት ዓመት በ12,000 እና በ15,000 ከታሰሩ የሠራሁት ስሌት በሙሉ ይፈርሳል። አንድ ዓመት ከሆነ ይታገሡት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አይፈርሙ።

የ11 ዓመት ልምድዎ ሙሉ በሙሉ ዋጋ የሌለው የሚሆነው ደግሞ በተሳሳተ በር ከገቡ ነው። ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲያወጡ "አግባብ ያለው የሥራ ልምድ" ይላሉ፤ የመምህርነት ደብዳቤዎ እዚያ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ለትምህርት ቤቶች የውጤት መመዝገቢያ፣ የምዝገባና የክፍያ ሲስተም የሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሮስተር እንዴት እንደሚሞላ፣ የሴሚስተር መዝጊያ ላይ ምን እንደሚበላሽ፣ ወላጅ ለምን እንደሚከራከር እርስዎ ያውቃሉ፤ ፕሮግራመሩ አያውቅም። እንዲህ ያለ ቦታ 12,000 ሳይሆን 15,000 መጠየቅ የማያሳፍር ነው። የጠራዎት ድርጅት ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ አልጻፉልኝም። የተለየ ዘርፍ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ሁለት የትምህርት ቤት ሲስተም የሚሠሩትን ያነጋግሩ።

የመጨረሻው የጊዜው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሐሳቤ የጸና ነው። በሚያዝያ አይግቡ። አዲስ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልሆነልህም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ። በሚያዝያ ገብተው በሰኔ ቢሰናበቱ ከሁለት ያጣ ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ ዓመቱ ሳያልቅ ጥለውት ስለሄዱ ቂም ይዟል፤ የልጆቹም ቅናሽ በመሃል ተቋርጧል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የትምህርት ዓመቱን ጨርሰዋል፤ የልጆቹ ክፍያ እስከ ሰኔ በግማሹ ነው። ትምህርት ቤቶች መምህር የሚፈልጉት በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ የሙከራ ጊዜው አብዛኛው ስላለፈ አዲሱ ሥራ ይያዝ አይያዝ ያውቃሉ። ካልያዘ የሒሳብ መምህር በመስከረም ሥራ አያጣም። የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚሰጠው ከ30 ቀን በፊት ስለሆነ በግንቦት መጨረሻ ያስገቡ፤ ግልባጩ ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም ይቀበሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆኑበት ጊዜ ለብቻው ይጻፍልዎ።

ለእኔ መልሱ ይህ ነው፦ 10,300 ብር በወር የሚያጎድለውን ዓመት ቤታችሁ ከቻለው ይሂዱ፤ የመመለሻ ቀን ግን ቆርጠው ይሂዱ። በ24ኛው ወር፣ በዚያው ድርጅትም ሆነ በሌላ፣ በዛሬ ብር 18,000 የሚከፍል ቦታ ካላገኙ፣ 40,000ው በአምስት ዓመት አይመጣም። ያኔ ወደ ትምህርት ቤት፣ ምናልባትም በምክትል ርዕሰ መምህርነት፣ መመለስ አሁንም ይቻላል። በአምስተኛው ዓመት ግን ያንን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ጋር በሰላም ይለያዩ፤ የምክትልነቱንም ነገር "ለጊዜው ይቆየኝ" ብለው ይተዉት እንጂ በሩን አይዝጉት።

ለድርጅቱ ዛሬ ይጻፉ። ከሐምሌ 1 እንደሚጀምሩ፣ እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሽ ክፍያ ሥራ እየወሰዱ መሥራት እንደሚችሉ ይግለጹ። ሳምንቱን በሙሉ ቢሮ ከመምጣት ሁለቱን ቀን ከቤት መሥራት ይቻል እንደሆነም አብረው ይጠይቁ፤ የታክሲውን ወጪ በ800 ብር ያህል ይቀንሰዋል፣ የሁለት ማታ ተማሪዎችንም ያስቀርልዎታል። በእርግጥ ከፈለጉዎት ሦስት ወር ይጠብቃሉ። "አሁን ወይም ፈጽሞ" ካሉ ደግሞ ይለፉት፤ በ12,000 ብር ጀማሪ የሚቀጥር ድርጅት በሐምሌም አይጠፋም።